በቃል የተያዘ መግቢያ ለምን ይሮጣል?

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱን በመምህራኑ ፊት ሊያቀርብ የተነሳ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ንግግር በቃሉ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከፊቱ የተቀመጡትም ያስተማሩት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ አንደበቱ እንዳይተሳሰር ይሰጋል። በቃል መያዝን ጨርሶ የሚነቅፉ አሉ። እኛ ግን ጥፋቱ ቃላቱን መሸምደዱ ላይ ሳይሆን ዝምታዎቹን ሳይሸመድዱ መቅረቱ ላይ ነው እንላለን።

ከመካከላችን አንዱ የገጠመውን እናንሳ። ጥናቱ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ስለሚገኘው ፍሎራይድ ነበር። መግቢያው 240 ቃላት ያህል ነበሩት፤ ቤቱ ሆኖ ሲለማመድ 2 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። በዕለቱ የተቀዳውን ድምፅ ስናዳምጥ ግን ያንኑ በ85 ሰከንድ ጨርሶታል፤ ይኸውም በደቂቃ ከ120 ቃላት ወደ 170 ገደማ ወጥቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ነበር። ሆኖም ንግግሩ እንዳበቃ አንድ አንጋፋ መምህር፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ገደቡ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። ቁጥሩ ተነግሯል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ወዲያው ስለተደረበበት ከአድማጩ ጆሮ አልደረሰም።

ይህ እንዴት ይሆናል? በሚገመግሙን ሰዎች ፊት ስንቆም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም አጭርና ከደረት በላይ ይሆናል። ትንፋሹ ያጠረበት ተናጋሪ አየሩ ሳያልቅበት ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ይቸኩላል፤ ሲቸኩልም የሚቀጥለው ትንፋሹ ይበልጥ ያጥራል። ሐሳቡን እያሰበ የሚናገር ሰው ቢያንስ ቀጣዩን ቃል ሲፈልግ ቆም ማለቱ አይቀርም። በቃሉ የያዘ ሰው ግን የሚፈልገው ቃል የለውም፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን እየጎተተ ይነጉዳል።

የተመልካቾቹ ፊት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ትሪየር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ጭንቀት የሚቀሰቅሱበትን ዘዴ ሲያቀርቡ ዋናው መሣሪያቸው በሰዎች ፊት የሚደረግ የ5 ደቂቃ ንግግር ነበር። በዚህ ሙከራ የሚቀመጡት ዳኞች ፈገግታም ሆነ የአዎንታ ንቅናቄ እንዳያሳዩ ይታዘዛሉ። እንግዲህ መምህራኖቻችን ማስታወሻ እየያዙ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ፣ ሳያስቡት የእነዚያን ዳኞች ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው! የጠቆረ ፊት ግን ብዙውን ጊዜ ተቃውሞ ሳይሆን ማዳመጥ ነው።

መፍትሔው፣ በእኛ እምነት፣ ዝምታውን በጽሑፉ ላይ መጻፍ ነው። ወዳጃችን ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብ በመግቢያው ላይ አራት ቦታዎችን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረባቸው፤ እነዚህም ከሰላምታው በኋላ፣ ከ1.5 ቁጥር በኋላ፣ ከጥናቱ ጥያቄ በፊትና በኋላ ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል አፉን ዘግቶ፣ በአፍንጫው አየር ስቦ፣ ቀና ብሎ ወደ ሰዎቹ ማየትን ከቃላቱ ጋር አብሮ ሸመደደ። ሁለት ሰከንድ ለተናጋሪው ዘላለም ይመስላል፤ ለአድማጩ ግን አንድ ቁጥር ለመያዝ ከሚበቃው ጊዜ አይበልጥም። በጣም ከረዘመ ግን አድማጩ «ጠፋበት» ብሎ መጨነቅ ይጀምራል።

ተራው እስኪደርስ ተቀምጦ ሳለም ከሚያስገባው ይልቅ የሚያስወጣውን ትንፋሽ ያረዝም ነበር። አየር ስናስወጣ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ስለሚያዘገይ፣ ረጅም አወጣጥ ልብን በጥቂቱ ያረጋጋል። በጥቂቱ ነው ያልነው፤ ጉልበትን ከመንቀጥቀጥ ፈጽሞ አያድንም።

አንድ አደጋ ግን ይቀራል። በመካከል የተቋረጠ ሰው ከመጀመሪያው ካልጀመረ መቀጠል ያቅተዋል፤ በቃል የተያዘ ነገር ሰንሰለት ነውና። ስለዚህ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ለብቻው መያዝና ልምምዱን አንዳንዴ ከሦስተኛው፣ አንዳንዴ ከሁለተኛው አንቀጽ መጀመር ያስፈልጋል። የሚፈትን ጓደኛ ካለ ደግሞ መሐል ላይ ያቋርጠው።

ወዳጃችን በሁለተኛው ቀን 118 ሰከንድ ወሰደበት። እኚያው መምህር በድጋሚ አቋረጡት፤ የዚህ ጊዜው ጥያቄያቸው ግን ናሙናዎቹ የተወሰዱት በክረምት ነው ወይስ በበጋ የሚል ነበር።