በብር የወጣ ወጪ በየትኛው ቀን ተመን ወደ ዶላር ይመለስ? የማኅበራችን የአቋም መግለጫ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛና ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና እስከ እንጦጦ ግርጌ በሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ውስጥ ሒሳብ የምንይዝ ባለሙያዎች ማኅበር ነን። አባሎቻችን ለለጋሾች በዶላርና በዩሮ በሚያቀርቧቸው የወጪ ሪፖርቶች የሚጠቀሙበት የምንዛሪ ተመን ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ በአንድ ድርጅት ውስጥም ከሩብ ዓመት ሩብ ዓመት ሲቀያየር እናያለን። ይህን መግለጫ ያወጣነው በዚሁ ምክንያት ነው።

አቋማችን የሚከተለው ነው። የለጋሹ ውል በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ በብር የወጣ ወጪ በሪፖርት ላይ ወደ ለጋሹ ገንዘብ መመለስ ያለበት ያ ብር ከባንክ በተገኘበት ተመን ነው። ክፍያው በተፈጸመበት ዕለት ባንኩ በለጠፈው ተመን መመንዘር ስሕተት ነው።

እስከ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ይህ ልዩነት ብዙም አያጨቃጭቅም ነበር። ብር በአብዛኛው ይወርድ የነበረው በሳንቲም ስለሆነ ሁለቱም መንገድ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ግን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ይገዛ የነበረ አንድ ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ባካሄደው ልዩ የዶላር ጨረታ አማካይ ዋጋው 107 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ተመን በየዕለቱ ይለጥፋል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ስሌቱ ቀላል እንዲሆን ቁጥሮቹን አጠጋግተናል። ከእንጦጦ ደን ማገዶ በመሸከም የሚተዳደሩ ሴቶችን በሽመና የሚያሠለጥን አንድ ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም. 20,000 ዶላር ተቀበለ እንበል። ባንኩ በ57 ብር መንዝሮ 1,140,000 ብር በብር ሒሳቡ ውስጥ አስገባለት። ድርጅቱ ከዚህ ውስጥ ግማሹን፣ 570,000 ብር፣ ተመኑ ከመለቀቁ በፊት አወጣ፤ ይህ 10,000 ዶላር ነው። የቀረውን 570,000 ብር ለክርና ለአሠልጣኞች አበል የከፈለው ግን በነሐሴ፣ የተለጠፈው ተመን 100 ብር በነበረ ጊዜ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው በክፍያው ዕለት ተመን ከመነዘረ የሁለተኛው ዙር ወጪ 5,700 ዶላር ብቻ ይሆናል። ሪፖርቱም በድምሩ 15,700 ዶላር እንደወጣና 4,300 ዶላር እንደተረፈ ይናገራል። ባንክ ያለው ቀሪ ግን ዜሮ ነው። ለጋሹ ሪፖርቱን አምኖ «ትርፉን መልሱ» ቢል፣ ድርጅቱ በነሐሴው ተመን 430,000 ብር ከየት ያመጣል? ዶላሩ በ57 ብር ተሸጦ ካለቀ በኋላ የነሐሴው ተመን ለድርጅቱ አንድም ተጨማሪ ብር አልሰጠውም። የክር ዋጋ ወጥቶ ከሆነ ጉዳቱ በግዢው ላይ ይታያል፤ በሪፖርቱ ላይ የሌለ ዶላር መፍጠር ግን አያስፈልግም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ይኸው ድርጅት የቀረውን 10,000 ዶላር በውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ አቆይቶ በነሐሴ በ100 ብር ቢመነዝር 1,000,000 ብር ያገኛል። የሒሳብ ሠራተኛው ኤክሴሉ ላይ የቆየውን 57 ሳይቀይር ይህን ወጪ ቢያካፍል 17,544 ዶላር ገደማ ይወጣለታል። ከመጀመሪያው 10,000 ጋር ሲደመር 20,000 ዶላር የተቀበለ ድርጅት ከ27,000 ዶላር በላይ አወጣሁ ሊል ነው። ይህን ለጋሹ ወዲያው ያየዋል፤ የፊተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ስለዚህ አባሎቻችን ሪፖርት ከመላካቸው በፊት አንድ ማጣሪያ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። በሪፖርቱ ላይ «ያልወጣ» ተብሎ የተጻፈው ዶላር፣ ገና ያልተመነዘረው ተቀንሶ፣ በተመነዘረበት ተመን ሲባዛ በባንክና በእጅ ካለው የፕሮጀክቱ ብር ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ከፕሮጀክቱ ጋር ያልተያያዘ ተመን ሪፖርቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ሳያልቅ ሁለተኛው ሲመጣ አስቀድሞ የገባው ብር አስቀድሞ እንደወጣ ተቆጥሮ በየራሱ ተመን ይመዝገብ እንላለን። የሁለቱን ክፍያዎች ሚዛናዊ አማካይ መጠቀምም ስሕተት አይደለም፤ አንዳንድ ውሎች ይህንኑ ያዛሉ። እኛ የፊተኛውን የመረጥነው እያንዳንዱ ተመን ከአንድ የባንክ የገቢ ማስታወቂያ ጋር ተያይዞ ለኦዲተር ሊቀርብ ስለሚችል ነው። የተመረጠው ዘዴ ግን በፋይናንስ መመሪያው ተጽፎ ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መሆን አለበት። ለድርጅቱ የሚያዋጣውን እያዩ በመሀል መቀየርን ማኅበራችን አይደግፍም።

የየትኛው ባንክ ተመን? ገንዘቡ የተመነዘረበት ባንክ፣ በዕለቱ ለሐዋላ ገቢ የተጠቀመበት የመግዣ ተመን። የጥሬ ገንዘብ ተመን፣ የመሸጫ ተመን፣ ወይም መገናኛ ላይ ከጎን ያለው ባንክ የለጠፈው የተሻለ ቁጥር ቦታ የለውም። የጥቁር ገበያ ተመን በሪፖርት ላይ ሊጠቀስ ቀርቶ ለማነጻጸሪያም ሊቀርብ አይገባም።

በወር አማካይ ተመን መጠቀም የለመዱ አሉ። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ስታንዳርድ የውጭ ምንዛሪ ግብይት በዕለቱ ተመን እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ የሳምንት ወይም የወር አማካይን የሚፈቅደው ተመኑ ብዙ በማይዋዥቅበት ጊዜ ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከወሩ 30 ቀናት 21ዱ በአሮጌው፣ 9ኙ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ወደቁ፤ የእነዚህ አማካይ በየትኛውም ቀን ያልነበረ ቁጥር ነው። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረትም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየወሩ የሚያወጧቸው ተመኖች የሚከተሉት የፈረንጆችን ወር እንጂ የእኛን አይደለም። ውሉ እነዚህን ካዘዘ ይከበር፤ ቫውቸሩ ግን በሁለቱም አቆጣጠር ቀን ይጻፍበት።

እስካሁን ያልነው ለለጋሽ ስለሚቀርበው ሪፖርት ነው። በብር የሚዘጋው ዓመታዊ ሒሳብ የራሱ ሕግ አለው። በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የተቀመጠ ዶላር በሰኔ 30 የመዝጊያ ተመን እንደገና ይተመናል፤ ልዩነቱም እንደ ትርፍ ወይም ኪሳራ ይታያል። የ2016ን ሒሳብ በሰኔ 30 የዘጉ አንዳንድ ድርጅቶች ኦዲቱ ሲዘገይ ከሐምሌ 22 በኋላ ያለውን ተመን ወደ ኋላ መልሰው ለመጠቀም አስበው ነበር። ይህ አይቻልም። ከመዝጊያው ቀን በኋላ የመጣ የተመን ለውጥ ትልቅ ከሆነ በማብራሪያ ይገለጻል እንጂ የተዘጋውን ቁጥር አይለውጥም።

ለጋሾችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በውላችሁ ውስጥ የተመኑን ምንጭ፣ ቀኑንና ከተመን ለውጥ የሚገኘው ተጨማሪ ብር ለማን እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ ከፊርማ በፊት ይግባ። አባሎቻችንም ይህ አንቀጽ የሌለበት ውል ሲቀርብላቸው ሥራ አስኪያጆቻቸው ከመፈረማቸው በፊት ለለጋሹ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም ከውሉ ጋር ያያይዙት።