ማሳሰቢያ፦ «የኤልሲው ጊዜ ይራዘምልን» ብላችሁ ለባንክ አትጻፉ

ለአስመጪዎች፣ ለግዥና ለፋይናንስ ኃላፊዎች፣ የድርጅታቸውን ደብዳቤ ለሚያረቅቁ ሁሉ

የተከፈተ ኤልሲ እንዲሻሻል ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ስለሚያጥርም ብዙ ሰው በችኮላ ይጽፈዋል። ዓመታት በባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ስሠራ አስመጪዎችን ለኪሳራ ሲዳርጉ ካየኋቸው ወረቀቶች ዋናው ይኸው ደብዳቤ ነው። ባንኩ የሚያሻሽለው በጽሑፍ የጠየቃችሁትን ብቻ ነው። በልባችሁ ያሰባችሁትን ወይም ከአቅራቢያችሁ ጋር በስልክ የተስማማችሁበትን አያውቀውም፤ ቢያውቀውም እንኳ ከራሱ ጨምሮ ሊጽፍላችሁ አይችልም። ስለዚህ የትኛው አንቀጽ ከምን ወደ ምን እንደሚለወጥ ሳትዘረዝሩ ደብዳቤ አታስገቡ።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ 50 ቶን ጥሬ ዕቃ ከቻይና ለማስመጣት የ55,000 ዶላር ኤልሲ ከፍቶ ነበር። ኤልሲው ዕቃው ከቺንግዳኦ ወደብ እንዲጫን ያዛል፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ኤፕሪል 15 ቀን 2025፣ የኤልሲው ማብቂያ ደግሞ ሜይ 6 ቀን 2025 ነው። አቅራቢው በቺንግዳኦ መርከብ ላይ ቦታ በማጣቱ ከኒንግቦ ልጫን፣ አንድ ወርም ይጨመርልኝ ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁም ወዲያው እንዲህ ጻፉ፦ «ከአቅራቢያችን ጋር በተስማማነው መሠረት የኤልሲው ጊዜ በአንድ ወር እንዲራዘምልንና የመጫኛ ወደቡ ወደ ኒንግቦ እንዲቀየርልን እንጠይቃለን።»

ደብዳቤው ለሚያነበው ሰው ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ኤልሲ ውስጥ «ጊዜ» የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። በፊልድ 44C የመጨረሻው የመጫኛ ቀን አለ። በፊልድ 31D ኤልሲው የሚያበቃበት ቀንና ቦታ አለ። በፊልድ 48 ደግሞ አቅራቢው ዕቃውን ከጫነ በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ሰነዶቹን ለባንክ ማቅረብ እንዳለበት ተጽፏል። ባንኩ «የኤልሲው ጊዜ» የሚለውን ማብቂያው ነው ብሎ ተረድቶ 31Dን ወደ ጁን 6 አራዘመ፤ በ44E የተጻፈውን ወደብም ወደ ኒንግቦ ለወጠ። 44C ግን ኤፕሪል 15 ላይ ቀረ። የማብቂያው ቀን ስለተራዘመ ብቻ የመጫኛው ቀን አብሮ አይራዘምም።

አቅራቢው አንድ ወር ተጨምሮልኛል ብሎ ሜይ 3 ቀን ጫነ። ሰነዶቹ ሲደርሱ ባንኩ ሁለት ዲስክሪፓንሲ አገኘ። አንደኛው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ያለው የጭነት ቀን ከመጨረሻው መጫኛ ቀን በ18 ቀን ማለፉ ነው። ሁለተኛውን ማንም አላሰበውም ነበር። በ45A፣ የዕቃው ዝርዝር በተጻፈበት ፊልድ ውስጥ፣ የዋጋው ሁኔታ ኤፍኦቢ ቺንግዳኦ ይላል፤ አቅራቢው ግን የጫነው ከኒንግቦ ስለሆነ ኢንቮይሱን ኤፍኦቢ ኒንግቦ ብሎ አዘጋጅቷል። የወደቡ ስም በአንድ ቦታ ሲለወጥ በሌላው ሳይነካ ቀርቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ብሎ አሳወቀ። ዋናው ቢል ኦፍ ሎዲንግ በባንኩ ትእዛዝ የተዘጋጀ በመሆኑ ፋብሪካው ያለ ባንኩ ፊርማ ዕቃውን ማንሳት አልቻለም። ፋብሪካው ዲስክሪፓንሲውን እቀበላለሁ ብሎ ጽፎ፣ ባንኮቹም መልእክት ተለዋውጠው ነገሩ እስኪቋጭ ድረስ ኮንቴይነሮቹ ጅቡቲ ላይ ከነጻ ቀናቸው አልፈው ቆሙ። ለዲስክሪፓንሲ የሚቆረጠው ክፍያ፣ የወደብ ኪራይና የኮንቴይነር ቅጣት ተደማምሮ መጣ። ሁሉም የመነጨው የሚለወጡትን አንቀጾች ሳይዘረዝር ከተጻፈው ከዚያ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው እንዴት መታረም ነበረበት?

በመጀመሪያ የኤልሲውን ሙሉ ኮፒ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። ከማስታወስ አትጻፉ፤ ከፕሮፎርማውም አትገልብጡ። ከዚያ የሚለወጠውን ነገር፣ ለምሳሌ የወደቡን ስም፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እያሰሳችሁ ባገኛችሁበት ሁሉ አስምሩበት። ወደብ በ44E፣ በ45A፣ አንዳንዴም በ46A የሰነዶች ዝርዝርና በ47A ተጨማሪ ሁኔታዎች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ካሰመራችሁባቸው አንዱን እንኳ ከደብዳቤው ብታስቀሩ፣ ኤልሲው እርስ በርሱ የሚቃረን ሰነድ ይሆናል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ለውጥ የፊልዱን ቁጥር፣ አሁን ያለውን ቃልና የሚተካውን ቃል በትክክል ጻፉ። መግቢያውና መዝጊያው በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ በስዊፍት የሚተላለፈው ቃል ግን በሚተየብበት መልክ መቀመጥ አለበት። በፋብሪካው ጉዳይ የደብዳቤው ዋና ክፍል ይህን መምሰል ነበረበት፦

```
44C  FROM: 15 APR 2025         TO: 15 MAY 2025
31D  FROM: 06 MAY 2025 CHINA   TO: 05 JUN 2025 CHINA
44E  FROM: QINGDAO, CHINA      TO: NINGBO, CHINA
45A  DELETE: FOB QINGDAO       REPLACE WITH: FOB NINGBO
ALL OTHER TERMS AND CONDITIONS REMAIN UNCHANGED
```

ጁን 5 የሚለው ቀን ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ኤልሲው በፊልድ 48 ለአቅራቢው 21 ቀን ሰጥቶታል፤ ሜይ 15 ላይ 21 ቀን ሲደመር ጁን 5 ይሆናል። የመጫኛ ቀን ባራዘማችሁ ቁጥር ይህን ድምር ሥሩ። ማብቂያውን ሳትነኩ መጫኛውን ብቻ ብታራዝሙ፣ አቅራቢው ሰነድ የሚያቀርብበት ጊዜ ያጥርበታል ወይም ጭራሹን ያልቅበታል።

የወሩን ስም በፊደል መጻፍም ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት። በዚህ ጉዳይ ላይ 05/06/2025 ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ጁን 5፣ ሌላው ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል። ሜይ 6 ደግሞ ነባሩ ማብቂያ ነው፤ ስለዚህ ማራዘሚያው እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል። በአማርኛው ክፍል ግንቦት 7 ብላችሁ ከጻፋችሁም ሜይ 15 መሆኑን አጠገቡ አስቀምጡ፤ የዘመን አቆጣጠር ቅየራውን ለባንኩ ሠራተኛ አትተዉለት።

በ46A ካሉት ሰነዶች አንዱን ስትለውጡ የበለጠ ተጠንቀቁ። የማሻሻያው መልእክት፣ ኤምቲ 707 የሚባለው፣ በሰነዶች ዝርዝር ላይ ሦስት ዓይነት ትእዛዝ ይቀበላል፦

```
/ADD/      /DELETE/      /REPALL/
```

የመጀመሪያው ይጨምራል፤ ሁለተኛው ይሰርዛል፤ ሦስተኛው ግን የቀድሞውን ዝርዝር በሙሉ አንሥቶ በአዲሱ ይተካል። «የሰነዶቹ ዝርዝር በሚከተለው ይተካልን» ብላችሁ የተለወጠውን አንድ ሰነድ ብቻ ከጻፋችሁና ትእዛዙ በሦስተኛው መልክ ከተላለፈ፣ ቀሪዎቹ ሰነዶች ከኤልሲው ይወጣሉ። አቅራቢው የማሸጊያ ዝርዝርም ሆነ የጥራት ምስክር ወረቀት ሳያቀርብ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «በ46A ተራ ቁጥር 4 ላይ ያለው ይሰረዝ፤ በምትኩ ይህ ይግባ፤ ሌሎቹ እንዳሉ ይቆዩ» ብላችሁ ጻፉ።

ኢንሹራንሱን የገዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ በኤፍኦቢ ስታስመጡ እንደሚሆነው፣ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው መነሻ ወደብም መታረም እንዳለበት አትርሱ። የታረመውን ፖሊሲና የተሻሻለውን ፕሮፎርማ ከደብዳቤው ጋር አያይዙ። የማሻሻያውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍንም በግልጽ ጻፉ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባንካችሁ ማሻሻያውን ላከ ማለት ኤልሲው ለሁሉም ተለወጠ ማለት አይደለም። አብዛኛው ኤልሲ የሚተዳደርበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ዩሲፒ 600 በአንቀጽ 10 እንደሚለው፣ ኤልሲው ያለ ከፋቹ ባንክ፣ ካለም ያለ አረጋጋጩ ባንክና ያለ ተጠቃሚው ስምምነት አይሻሻልም። ባንካችሁ ማሻሻያውን ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ይታሰርበታል። አቅራቢው ግን መቀበሉን እስኪያሳውቅ ወይም ከማሻሻያው ጋር የሚስማማ ሰነድ እስኪያቀርብ ድረስ፣ ለእሱ የቀድሞው ኤልሲ እንደጸና ይቆያል። «በዚህን ያህል ቀን ካልተቃወመ እንደተቀበለ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ ብታስገቡም ደንቡ ዋጋ አይሰጠውም።

ይኸው አንቀጽ አንድን ማሻሻያ ከፊሉን መቀበል አይፈቅድም፤ ከፊሉን መቀበል ሙሉውን እንደ አለመቀበል ይቆጠራል። ስለዚህ አቅራቢው የለመነውን የጊዜ ማራዘሚያና እሱ የማይወደውን የዋጋ ቅናሽ በአንድ ደብዳቤ አታጣምሩ። ቅናሹን ሲጥል ማራዘሚያውም አብሮ ይወድቃል። ሊያከራክር የሚችለውን ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ዋጋ ቀንሳችሁ ከሆነም አቅራቢው በጽሑፍ እስኪቀበል ድረስ በድሮው ዋጋ ልትጠየቁ እንደምትችሉ አውቃችሁ ጠብቁ።

ደብዳቤውን ከማስገባታችሁ በፊት ረቂቁን ለአቅራቢው ላኩለትና እያንዳንዱን መስመር አይቶ በጽሑፍ ይስማማ። ከባንክ ሲወጣ የተላከውን መልእክት ኮፒ በዚያው ቀን ተቀበሉና ከደብዳቤያችሁ ጋር ፊልድ በፊልድ አስተያዩ። ስህተት ካገኛችሁ ዕቃው ሳይጫን ማረም ይቻላል፤ መርከቡ ከተነሣ በኋላ ግን ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ያለውን ቀን ማንም አይለውጥላችሁም። ስለዚህ ኮፒው በእጃችሁ ሳይገባና በደብዳቤያችሁ የጻፋችሁት ሁሉ እንዳለበት ሳታረጋግጡ አቅራቢውን «ጫን» አትበሉት።