አራተኛው መልስ
ሦስት ባልደረቦች በአንድ ኢሜይል ሲከራከሩ የአራተኛውን መልስ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የአድራሻው መስመር ነው። ግዥ ክፍል «ለአቅራቢው ቶሎ ይከፈል» ይላል፤ ፋይናንስ «ደረሰኙ ሳይስተካከል አልከፍልም» ብሏል፤ ንብረት ክፍል ደግሞ ከ40 ካርቶን የተረከበው 36 ብቻ ነው። በመሃል አንዱ አቅራቢውን Cc አድርጎታል። እዚህ ላይ Reply All የሚጫን ሰው የቤቱን ጭቅጭቅ ለአቅራቢው አሳልፎ ይሰጣል። እኔ የማምነው ሰንሰለቱን ከታች ወደ ላይ አንብቦ፣ አቅራቢው የገባበትን መልእክት ለይቶ፣ ለሦስቱ ብቻ መጻፍ ነው፤ «አቅራቢውን ከዚህ መልስ አውጥቻለሁ» የሚለውም በመጀመሪያው መስመር ይግባ፤ አለዚያ ቀጣዩ ሰው ከቀድሞው መልእክት ላይ ሲመልስ እንደገና ያስገባዋል። ጽሑፉ ደግሞ «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ከጀመረ ወገን ለይቷል። በሰው ስም ፋንታ ነገሩን ይጥራ፦ «36 ካርቶን መግባቱን ማንም አልተቃወመም። ደረሰኙ ግን የ40 ነው። ያልተወሰነው፣ ደረሰኙ በ36 ይስተካከል ወይስ ቀሪው 4 ይጠበቅ የሚለው ነው። የግዥ ኃላፊው እስከ ሐሙስ ቢያሳውቁን።» ይህ ለማንም አይፈርድም፤ ውሳኔውን ግን ለባለቤቱ ያደርሳል። አለቃን በ Bcc በስውር ማስገባትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ አለቃው ሳያስተውሉ Reply All ከተጫኑ ሦስቱም ሲታዩ እንደነበር ያውቃሉ፣ ከዚያ በኋላ መልሱን የጻፈው ሰው ገለልተኛ ነኝ ቢል የሚያምነው የለም። አለቃው ማወቅ ካለባቸው በግልጽ Cc ይደረጉ።