ስም የሚገኘው ከቡና ማድረቂያው አልጋ ነው

ተመራቂዎችን ሰብስበው ስለ ፐርሰናል ብራንዲንግ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ምክራቸው አንድ ነው፤ ሊንክድኢን ክፈት፣ በየቀኑ ለጥፍ፣ አትጥፋ፣ ቀጣሪ ራሱ ፈልጎ ያገኝሃል። ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በእርሻ ትምህርት የተመረቀው ልጅም ይህን ሰምቶ በጋዋን የተነሳውን ፎቶ ይለጥፋል። በማግስቱ ስለ ጽናት አንድ ጥቅስ፣ በሣልስቱ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት ያስከትላል። ትጋቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የጥራት ኃላፊ ገጹን ቢከፍት፣ ልጁ ቡና ማድረቅ ይችል እንደሆነ የሚነግረው አንድ መስመር አያገኝም። ያንኑ ጥቅስ ለባንክ የሚያመለክተውም ለጥፎታል።

የአሠልጣኞቹ ስህተት ወጥነትን በብዛት መለካታቸው ነው። ለጀማሪ ባለሙያ ወጥነት ማለት አንድን ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከታትሎ ማሳየት ነው። ለዚህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ልጅ የአዲስ አበባ እኩዮቹ የሌላቸው ነገር በደጁ አለ።

እንበልና ልጁ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቴፒ አካባቢ በዘመድ ማሳ ላይ በመኸሩ ወራት ያግዛል። ባለቤቱን አስፈቅዶ 100 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ለብቻው ይለያል። እሸቱን ውኃ ውስጥ ከትቶ የተንሳፈፈውን ያወጣል፤ የወጣውን መዝኖ በደህና እሸት ይተካና 100 ኪሎውን አልጋ ላይ ስስ አድርጎ ያሰጣዋል። በቴሌግራም ቻናሉ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ነው፦ የተለቀመበት ቀን፣ ቦታው፣ ክብደቱ፣ አንድ ፎቶ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳገላበጠው፣ ዝናብ መቼ እንደጣለ፣ በምን እንደሸፈነው በየጥቂት ቀኑ ይመዘግባል። በዚያ አገር ዝናቡ ከመኸሩ ጋር ስለሚጋጭ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሸራው ሳይነሳ ከቆየ ቡናው ያልበዋል፣ ሥሩ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ልጁ ይህ ከደረሰበት የተበላሸውን ለይቶ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነና ለምን እንደተበላሸ መጻፍ አለበት። አሠልጣኞቹ ድክመትህን አታሳይ ይሉታል። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ የሚያስቀጥረው ይህ ጽሑፍ ይመስለኛል፤ አልጋው አጠገብ ያልነበረ ሰው አይጽፈውም።

መጨረሻው ደግሞ ሒሳብ ነው። የበሰለ እሸት ቡና ሁለት ሦስተኛ ገደማው ውኃ ነው። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ከ100 ኪሎ እሸት 40 ኪሎ ገደማ ጀንፈል ይቀራል፤ ሲፈለፈል ደግሞ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ልጁ ምንም ሳይበላሽበት 55 ኪሎ ጀንፈል አገኘሁ ብሎ ከጻፈ ወይ ቡናው አልደረቀም ወይ ሚዛኑ ተሳስቷል። የጥራት ኃላፊው ይህን ለማወቅ ስልክ እንኳ መደወል አያስፈልገውም። በጥቅስና በሰርተፍኬት የተሞላ ገጽ ግን ምኑ ይመረመራል?

በአንድ የምርት ዘመን ስምንት ወይም ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ይበቃሉ። በመጨረሻ ፍሬ ነገሩ በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ ተጨምቆ ሊንክድኢን ላይ ይቀመጣል። ስሙም በሁሉም ቦታ ዲግሪው ላይ በተጻፈበት ፊደል ይሁን፤ ዲግሪው Tsehay ብሎ ገጹ Tsehai ካለ፣ ስሙን የሚፈልገው ቀጣሪ ሊያጣው ይችላል። የሽያጭ ዋጋና የገዢ ስም ግን አይለጠፍም፤ የሰው ምስጢር ያወጣን ልጅ ማንም አይቀጥርም።

ከዚያው አገር የወጣ ምስክርም አለ። የጌሻ ቡና ዘር በ1930ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወስዶ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ። ለአሥርተ ዓመታት ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ማንም ልብ አላለውም። ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ባለቤቶች፣ የፒተርሰን ቤተሰብ፣ የየማሳቸውን ቡና ለየብቻው ለይተው ቀመሱና ልዩ የሆነውን አገኙ፤ በ2004 የፓናማ ውድድርን አሸነፉበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዋጋና ዝና አንባቢ ያውቀዋል። ቡናው ያው ነበር፤ የተጨመረው መለየቱና መቅመሱ ነው።

«ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በብዙ ቢሮ እውነት ነው፤ የመንግሥት ቅጥርም ውጤትና የመውጫ ፈተና እንጂ ቻናል አይጠይቅም። ይሁንና ኮንቴይነር ቡና በሻጋታ ሊመለስበት የሚችል ላኪ ማድረቅ የማያውቅ የአክስት ልጅ ምን ያደርግለታል? ኔትወርክ የለም ለሚለው ደግሞ ማስታወሻው ደብተር ላይ ተጽፎ ኔትወርክ ሲመጣ ይጫናል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከደብተሩ ነው። እኔ ቀጣሪ ብሆን የአንድ መኸር መዝገብ ይዞ የመጣውን ልጅ ውጤቱን ሳልጠይቅ፣ በዚያው ቀን ወደ ማድረቂያው እልከዋለሁ።