ማስታወቂያው ከፍሬን ይጀምር

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ያለው አንድ ወዳጄ ለወጣቶች ሊለቅቀው ያሰበውን የ90 ሰከንድ ቪዲዮ ጽሑፍ «እስቲ እየው» ብሎ ሰጠኝ። ቪዲዮው በምታብረቀርቅ መኪና ይከፈታል። ሙዚቃ ይገባል። አንድ ወጣት መንጃ ፈቃዱን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ያሳያል። ተራኪው «በአጭር ጊዜ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ የመንጃ ፈቃድዎ ባለቤት ይሁኑ» ይላል፤ ከዚያ ስልክ ቁጥርና አድራሻ መጥቶ ያበቃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሪ የያዘ እጅም ሆነ ፍሬን የረገጠ እግር አንድም ቦታ የለበትም።

ወዳጄ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። የጻፈው በየስልካችን የምናየውን ዓይነት ማስታወቂያ ነው። እኔ ግን ይህ ማስታወቂያ መለወጥ አለበት እላለሁ፤ ምክንያቱም ቪዲዮው የሠልጣኙ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ «ቶሎ ፈቃድ ታገኛለህ» ተብሎ ከመጣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የሚቆጥረው ፈቃዱ የሚወጣበትን ቀን ነው። አሰልጣኙ መኪናዋን ዳገት ላይ ደጋግሞ ሲያስነሳው ጊዜ የሚያባክንበት ይመስለዋል። ቃል የተገባለት ወረቀት ነውና ከወረቀቱ የሚያዘገየው ሁሉ እንቅፋት ይሆንበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። ይህ ቪዲዮ የሚጠራቸው ወጣቶችም በዚሁ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ደግሞ በብዛት የሚሞተው እግረኛ ነው። ስለዚህ 90 ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ቢቻል ማስተማር ያለብን መኪና የት እንደሚቆም ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ወጣት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳ ነው። ከፊቱ 15 ሜትር ላይ፣ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ፣ ኳስ ተንከባላ መንገድ ላይ ገባች። የኳስ ባለቤት ተከትሎ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል። ወጣቱ ኳሷን አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬኑ እስኪያዞር ንቁ ከሆነ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች አንድ ሰከንድ መኪናዋ 14 ሜትር ሄዳለች። ፍሬኑ መያዝ የሚጀምረው ኳሷ አንድ ሜትር ስትቀረው ነው፤ ኳሷ ጋ ሲደርስም ፍጥነቱ ገና 48 አካባቢ ነው። መኪናዋ በደረቅ አስፋልት ላይ ሙሉ በሙሉ የምትቆመው ኳሷ ከታየችበት ቅጽበት አንሥቶ 28 ሜትር ያህል ሄዳ ነው።

ያው ወጣት በ30 ኪሎ ሜትር ቢነዳስ? በአንዷ ሰከንድ የሚሄደው 8 ሜትር ግድም ነው፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ 5 ሜትር ይጨምራል። 13 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ኳሷም ልጁም ከፊቱ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ጉብዝና አይደለም። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ፍሬን የሚፈልገው ርቀት ከፍጥነቱ በላይ ይጨምራል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ክረምት ሲገባና አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ የ50 ኪሎ ሜትሩ 28 ሜትር ወደ 40 ይጠጋል። ስልኩን ለሁለት ሰከንድ ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ፍሬን ከማሰቡ በፊት 28 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ እንደሄደ ይቁጠረው።

ወዳጄ ይህን ስነግረው «ማን ቆሞ ያየዋል? ወጣት ስብከት ይሸሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስብከት ከሆነ ይሸሻል። ስለዚህ ቪዲዮው በጥያቄ ይከፈት አልኩት። ማሰልጠኛው ሜዳ ወርደን ሞከርነው። አንዲት ኳስ አስቀመጥን፤ ከእሷ 15 ሜትር ወደ ኋላ በኖራ መስመር አሰመርን። ተራ የሚጠብቁ ሠልጣኞችን ጠርተን «እዚህ መስመር ላይ ኳሷን ያየ፣ በ50 የሚነዳ ሰው የት ይቆማል?» አልናቸው። አብዛኞቹ ከኳሷ ወዲህ ቆሙ። አንዷ ብቻ ኳሷን አለፍ ብላ ቆመች። ከዚያ አሰልጣኙ ከመስመሩ ተነሥቶ እርምጃውን እየቆጠረ ሄደ። ኳሷን አለፈ፤ አርባኛው እርምጃ ላይ ሲቆም ሁሉም ዝም አሉ። በፍጥነት የነዳ ሰው አላስፈለገንም። ኖራና ኳስ በቁ።

ጽሑፉን የጻፍነው ከዚያች ጸጥታ ተነሥተን ነው። በ90 ሰከንድ ውስጥ ረጋ ብሎ የሚነበብ ከ150 ቃል እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቃል ሥራ ሊኖራት ይገባል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ኳሷንና ጥያቄውን ያሳያሉ። እስከ 40ኛው ሰከንድ ሠልጣኞቹ ይገምታሉ፤ አሰልጣኙ ይቆጥራል፤ ተራኪው 28ንና 13ን ብቻ ይናገራል። እስከ 75ኛው ሰከንድ የሥልጠናው ቅደም ተከተል ይታያል፦ በክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክትና ሕግ፣ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮንና ማርሽ፣ ስፖኪዮ አይቶ ፍሬቻ አሳይቶ መውጣት፣ በመጨረሻ ከአሰልጣኝ ጋር ዋናው መንገድ። ሁሉም በቃል ከሚዘረዘር የሠልጣኙ እጅና እግር ሲሠሩ ይታዩ።

እዚህ ላይ ወዳጄን አንድ ነገር አጥብቄ ለመንኩት፦ ቪዲዮው ሠልጣኙ ራሱ መሪ የሚይዝበትን ሰዓት በግልጽ ይናገር። አንዲት መኪና ውስጥ አራት ሠልጣኝ ተቀምጦ አንዱ ሲነዳ ሦስቱ የሚያዩ ከሆነ በወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓትና እጅ የለመደው ሰዓት አንድ አይደሉም። ተመዝጋቢው «ስንት ሰዓት እኔ እነዳለሁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥሩ ማሰልጠኛ ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገራል። ይህ ቁጥር «በአጭር ጊዜ» ከሚለው ቃል የበለጠ ደንበኛ የሚያመጣ ይመስለኛል፤ የልጁን ክፍያ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ወላጅ ነውና።

«ዘመኑ እኮ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል» የሚል አይጠፋም። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ዛሬ በፍሪሲዮን የሚለማመደው ልጅ ነገ ፍሪሲዮን የሌላት መኪና ሊይዝ ይችላል። ያቺ መኪና ሞተሯ ሳይሰማ በቶሎ ፍጥነት ታነሣለች፤ እግረኛውም ድምፅ ሰምቶ ላይሸሽ ይችላል። የአሽከርካሪው ዓይንና እግር የሚፈጁት አንድ ሰከንድ ግን ያው አንድ ሰከንድ ነው፤ በ50 ሲነዳ የሚሄደው 14 ሜትርም አይቀየርም። የመኪናው ዓይነት ሲለወጥ የማያረጀው ትምህርት ይህ ነው።

ስልክ ቁጥሩና አድራሻው የት ይግባ ለሚለው መልሴ በመጨረሻዎቹ 15 ሰከንዶች ነው። ፈቃዱን ከፍ ያደረገው ልጅ ይቅርና የማሰልጠኛው መኪና ቆማ ትታይ፤ ከፊቷ ኳሷ፣ ከኳሷ ኋላ ባዶ አስፋልት። ስልክ ቁጥሩ እዚያ አስፋልት ላይ ይጻፍ።

ሰ.ወ.