ለኩሽኔታም ለሻንሲም አንድ ግራሶ?

በፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ ማሳው ውኃ ይሆናል። ሩዝ በሚሰበሰብበት ወቅት ደግሞ ያው መንገድ አቧራ ይለብሳል። ማዳበሪያና ምርት የሚያመላልሰው የትራክተር ተጎታች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በርሜል በሚቀዳ ግራሶ ዓመቱን ይዘልቃል። ይህ ልማድ መታረም አለበት።

ግራሶ ማለት በሳሙና መሰል ነገር ተይዞ የረጋ ዘይት ነው። ጠባዩንም በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ሳሙና ነው። ተራው የካልሲየም ግራሶ በውኃ በቀላሉ አይታጠብም፤ ነገር ግን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት አይቆይም። የሶዲየም ግራሶ ሙቀት ቢችልም ውኃ ያሟሟዋል። የሊቲየም ግራሶ ሁለቱንም በመጠኑ ይችላል። ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደግሞ ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል።

ስለዚህ ፍሬን ላለው ጎማ ኩሽኔታ ተስማሚው ሊቲየም ኮምፕሌክስ ነው። በዝግታ ለሚንቀሳቀሱትና ለማይግሉት የሻንሲ ፒኖች ግን በጭቃ ወቅት ካልሲየም ይሻላል። በቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው ቁጥር 2 የግራሶውን ውፍረት እንጂ ውኃ መቻሉን አይናገርም። ቀለሙም ቢሆን ዓይነቱን አያሳይም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ወንዝ ሲሻገሩ ነው። ሲጓዝ የጋለ የጎማ ቋት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባረጀው የጎማ ቀለበት በኩል ውኃ ይስባል። ግራሶው እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ በጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ካለ አቧራ ገብቷል። ያኔ ከላዩ መጨመር አይጠቅምም። ኩሽኔታው ወጥቶ መታጠብና መድረቅ፣ ቀለበቱም መቀየር አለበት። አዲሱ ግራሶ በኩሽኔታው ጥርሶች መካከል በእጅ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ የቋቱ ባዶ ቦታ ግን ከግማሽ በላይ ከሞላ ሙቀት ይፈጥራል።

የሻንሲ ፒን አያያዝ ከዚህ ይለያል። አሮጌው ወጥቶ ንጹሕ ግራሶ እስኪታይ ድረስ በፓምፕ ይገፋል። በጭቃና በውኃ ውስጥ ከዋለ ሥራው በዚያው ምሽት መደገም አለበት። በአቧራ ወቅት ግራሶ መግቢያው አስቀድሞ በጨርቅ ካልተጠረገ ፓምፑ ራሱ አሸዋውን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ሁለት ዓይነት ግራሶ ይግባ ሲባል ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳሙናቸው የማይስማማ ግራሶዎች ሲደባለቁ ይቀጥኑና ይፈስሳሉ። በመሆኑም ትራክተር የሚያከራዩ ማኅበራትና ዩኒየኖች ለየዓይነቱ የተለየ ፓምፕ ይመድቡ፤ በላዩም ስሙን ይጻፉበት። በግዥ ማዘዣቸውም «ግራሶ» ብለው ከመተው ይልቅ የሳሙናውን ዓይነት ይጥቀሱ። ኩሽኔታው ነክሶ ጎማው በመንገድ ላይ ሲወጣ የሚጠፋው የጭነቱ ምርት ብቻ አይደለም፤ በጭነቱ ላይ የተሳፈረ ሰውም ሊሆን ይችላል።