«አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» ለደበቀ ሻጭ መጠለያ አይሁን

ያገለገለ መኪና በሚሸጥበት ውል ውስጥ «ተሽከርካሪውን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል መስመር ብዙ ጊዜ አትጠፋም። ገዢው ይፈርማል፤ ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ጎማው በአንድ ወገን ብቻ እየተበላ ሲያስቸግር መኪናው ጋራዥ ይገባል። ምንጣፉ ሲነሳ የብየዳ ጠባሳ ይታያል፤ በሩ ላይ ማግኔት ቢያስጠጉት አይዝም፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነውና። መኪናው ክፉኛ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። የሻጩም መልስ የታወቀ ነው፦ «አይተህ አይደል የገዛኸው?»

ይህ መልስ የጥንት እንግሊዛውያን ዳኞችን ያስማማ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 አንድ ወርቅ አንጥረኛ መርዝ ያረክሳል የሚባለው ድንጋይ ነው ብሎ በመቶ ፓውንድ የሸጠው ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ፣ ዳኞቹ «ነው አለ እንጂ ዋስ አልሆነም» ብለው ገዢውን ባዶ እጁን አሰናብተውታል። የእኛ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ገዢው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ፣ ወይም በግልጽ የሚታየውን በከባድ ቸልተኝነት ካለፈው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ዋስትናውን በውል ማስቀረትም ይቻላል፤ ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው ስምምነት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ያቺ መስመር ለተሰነጠቀ መስታወት ታገለግል ይሆናል፣ ከምንጣፍ ሥር ለተቀበረ ብየዳ ግን አትሆንም።

ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ሻጩ ማወቁን ማን ያስረዳል? መኪናው በሦስት እጅ ካለፈ የመጨረሻው ባለቤት ግጭቱን በእርግጥ ላያውቅ ይችላል፤ እሱን አታላይ ማለት ግፍ ነው። እያወቀ ዝም ያለውም ግን «አላውቅም» ብሎ ያመልጣል።

ስለዚህ ከሽያጭ ውሉ ጋር ሻጩ ፈርሞ የሚመልሳቸው ጥቂት ጥያቄዎች ግዴታ ሆነው እንዲያያዙ ዝግጅት ክፍላችን ይጠይቃል፦ መኪናው ተጋጭቶ ያውቃል? ሞተሩ ተቀይሯል? የኪሎሜትር ቆጣሪው ተነክቷል? «አላውቅም» የሚል መልስም ይፈቀድ፤ ገዢው ያን አይቶ ዋጋውን ይከራከር። «የለም» ብሎ የፈረመ ሻጭ ጋራዥ ያስጠገነበት ደረሰኝ ከተገኘበት ግን ዳኛው የሚይዘው ጭብጥ ይኖረዋል። ደላሎች ገበያው ይቀዘቅዛል ይሉ ይሆናል። የተጋጨ መኪና በተጋጨ ዋጋ ቢሸጥ የሚጎዳው ማን ነው?

እስከዚያው ገዢዎች ጉድለት ሲያገኙ ሳይዘገዩ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ባለሙያ አይቶ ሳይመዘግበው በፊትም መኪናውን አያስጠግኑ፤ የተጠገነ ብየዳ ማስረጃነቱ አብሮ ይጠፋልና።